ካስቲንጉ ቅዳሜ ከሆነ ሰኞ ተናገሪ

«ኮዬ ፈጬ አካባቢ በሚሠራ የጂ+4 ሕንፃ ላይ ጀማሪ ሳይት ኢንጂነር ነኝ። ከተመረቅሁ ዓመት አልሞላኝም። ሰኞ ዕለት የሁለተኛ ፎቅ ኮለን ፌሮ ላይ ድሮዊንጉ ሁለት የተለያየ ነገር እንደሚል አየሁ። አንዱ ገጽ 8 ባለ 20 ፌሮ፣ ሌላው 8 ባለ 16 ይላል። ራሴ ላጣራው ብዬ ዲዛይነሩን ሳፈላልግ፣ ጓደኞቼን ስጠይቅ ሐሙስ ማታ ደረሰ። ያኔ ለፕሮጀክት ማናጀሩ ደወልኩ። ‹ቅዳሜ ካስቲንግ ነው፤ እስካሁን የት ነበርሽ?› ብለው ጮኹብኝ። ባለፈው ወር ደግሞ የውሃ ቦቴ ዘገየ ብዬ ብደውል ‹ይቺንም እኔ ልፍታልሽ?› ብለውኝ ነበር። መቼ ነው መናገር ያለብኝ? ስናገርስ ምን ብዬ?»

ጀማሪዋ፣ ከኮዬ ፈጬ

እህቴ፣ ሁለቱን ስልኮችሽን ለያይተን እንያቸው። ቦቴ ሲዘገይ ሹፌሩ ጋ መደወል፣ ሌላ ቦቴ ማፈላለግ፣ ከጎረቤት ሳይት ሁለት በርሜል ውሃ መዋስ ያንቺ ሥራ ነው። ማንንም ሳታስፈቅጂ ታደርጊዋለሽ። ማናጀርሽ ያሉሽ ነገር ቃሉ ቢጎረብጥም እውነት አለው። የኮለኑ ፌሮ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳምንት ሙሉ ብታስቢበት፣ የትምህርት ቤት ደብተርሽን ብታገላብጪ፣ አሥር ሰው ብትጠይቂ መልሱ ያንቺ አይሆንም። የማናጀርሽም አይሆንም። የዲዛይነሩ ነው። እሱም ቢሆን በኮንሰልታንቱ በኩል፣ በጽሑፍ መምጣት አለበት።

ስለዚህ አንድ ነገር ሲቆምብሽ መጀመሪያ ራስሽን የምትጠይቂው «ምን ያህል ሞክሬያለሁ?» ብለሽ አይደለም። «መልሱን ባገኘው እንኳ የመወሰን ሥልጣን አለኝ?» ብለሽ ነው። ካለሽ ሞክሪ። ከሌለሽ መሞከሩ ትርጉም የለውም። ጥያቄው እውነተኛ መሆኑን ብቻ አጣርተሽ በዚያው ቀን ወደ ላይ ላኪው።

ሰኞ ዕለት ያደረግሽው ነገር ስንፍና አልነበረም። ግን ዲዛይነሩን በቀጥታ ብታገኚውና በስልክ «20 ነው» ቢልሽ ምን ልታደርጊ ነበር? ፌራዮውን «ቁረጥ» ልትዪው? የኮንሰልታንቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ማን አዘዘሽ?» ቢል የምታሳዪው ወረቀት የለሽም። ሦስቱ ቀን የባከነው መልስ ስላላገኘሽ አይደለም። ብታገኚውም የማይሠራልሽን መልስ ስትፈልጊ ነው የባከነው።

አሁን ወደ ማጣራቱ። ማጣራት የሚገባሽ ነገር አለ፤ ግን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ቢበዛ የሁለት። ጥያቄውን ይዘሽ ስትሄጂ ማናጀርሽ መልሰው የሚጠይቁሽን አስቀድመሽ ማወቅ ብቻ ነው ዓላማው።

መጀመሪያ የሁለቱን ገጾች ግርጌ እዪ። ቀናቸው አንድ ነው? አንዱ የተሻሻለ ነው? አንዳንዴ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ አንደኛው አሮጌ ሆኖ ከሳይት ሳይሰበሰብ የቀረ ገጽ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ልዩነቱ በሁሉም ኮለን ላይ ነው ወይስ በአንዱ ዓይነት ብቻ? በሁለተኛ ፎቅ ብቻ ነው ወይስ ወደ ላይም ይቀጥላል? ስታፋውስ ይለያያል? ከዚያ እስቶር ገብተሽ ከባለ 16ቱም ከባለ 20ውም ስንት እንዳለ ቁጠሪ። እስቶር ኪፐሩ በቃል የሚነግርሽን አትመኚ። ከታርጋው ተለይቶ የወደቀ ፌሮ ካለና ከተጠራጠርሽ አንድ ሜትር ቁራጭ አስመዝኚ። ዳያሜትሩን በራሱ አባዝተሽ ለ162 ስታካፍዪው የአንድ ሜትር ክብደቱን በኪሎ ይሰጥሻል። ባለ 20 ወደ 2.47 ይመጣል፣ ባለ 16 ወደ 1.58። ፌሮ ሸንተረር ስላለው በካሊፐር መለካቱ ያሳስታል፤ ሚዛን ግን አይዋሽም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከታች ካለው ሶሌታ ላይ ብቅ ያሉትን ስታርተሮች ዓይተሽ «ባለ 20 ናቸው፣ ስለዚህ የላዩም 20 ነው» ማለት ያምራል። አይደለም። ስታርተሩ የታችኛው ኮለን ፌሮ ነው፤ ከታች ተነሥቶ ሶሌታውን አልፎ የወጣ። ሕንፃ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ኮለኑ የሚሸከመው ጭነት ስለሚቀንስ ዲዛይነሩ ፌሮውን ሆን ብሎ ከ20 ወደ 16 ሊያወርደው ይችላል። የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህ ስታርተሩ ባለ 20 መሆኑን ጻፊው፤ ያየሽው ነገር ነውና ይጠቅማል። መደምደሚያውን ግን አትጻፊ። ብዙ የተበላሸ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ሰው ያየውንና የገመተውን አንድ ላይ ያቦካዋል። አንባቢው የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

ፎርማን ደግሞ ምን እንደሚልሽ አውቃለሁ። «በ20 እንሥራውና ይገላግለን፣ ብረት ቢበዛ ምን ይጎዳል?» ለጠንካራው ወገን ያደላ ስለሚመስል ያጓጓል። ግን መደራረቢያው ላይ የታችኛው 8 እና የላይኛው 8 አንድ ላይ ሲቆሙ በ40 በ40 ኮለን ውስጥ 16 ፌሮ ይሆናል። ፌሮው በወፈረ ቁጥር ጠጠር የሚያልፍበት ክፍተት ይጠባል። ፎርምወርኩ ሲፈታ እግሩ ላይ የንብ ቀፎ የመሰለ ኮንክሪት ታገኛለሽ። የመደራረቢያው ርዝመትም ከዳያሜትሩ ጋር ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ ያልታዘዘ ብረት ሒሳብ ማን ይከፍላል? በተቃራኒው በ16 ሠርተሽ ትክክሉ 20 ሆኖ ቢገኝ የብረቱ ስፋት ከሲሶ በላይ ጎድሏል ማለት ነው። 8 ባለ 20 ወደ 2,513 ካሬ ሚሊሜትር ነው፣ 8 ባለ 16 ደግሞ ወደ 1,608። ሁለቱም በዓይን ሲታዩ ለእንዲህ ዓይነት ኮለን የሚሆኑ ይመስላሉ። ለዚህ ነው በግምት የማይያዘው። ኮንክሪት ከፈሰሰበት በኋላ ደግሞ ማስተካከያው ወይ ማፍረስ ነው ወይ ኮለኑን አልብሶ ማጠናከር።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ መቼ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው ችግሩ ከተፈጠረ ጀምሮ ወደፊት ነው። «ገና ዛሬ ነው ያየሁት፣ ነገም ልሞክር።» አንቺ ግን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሪ። መጨረሻው ደግሞ የማይመለሰው ሥራ ነው፤ ያንቺ ሳይት ላይ ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅዳሜ ጠዋት።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሚክሰሩ እንዲነሣ ዓርብ ማታ ፎርምወርኩ ተዘግቶ፣ ቱምቢ ተጥሎለት፣ ተወጥሮ ማለቅ አለበት። ፎርምወርኩ ከመዘጋቱ በፊት ተቆጣጣሪው ፌሮውን ዓይተው መፈረም አለባቸው፤ ይህም ዓርብ ጠዋት ነው። ስለዚህ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ማሰር ነው። ረቡዕ መቁረጥና ማቆም መጀመር ነው። ረቡዕ ጠዋት እንዲቆረጥ ብረቱ ማክሰኞ ከሰዓት ተገዝቶ፣ አይሱዙ ተገኝቶ፣ ረቡዕ በጠዋት ሳይት መድረስ አለበት። ግዥ ክፍል ማክሰኞ ከሰዓት እንዲወጣ ደግሞ የዲዛይነሩ መልስ ማክሰኞ 6 ሰዓት ላይ መገኘት አለበት። ዲዛይነሩ ቢያንስ ግማሽ ቀን ያስፈልገዋል። ተመልሰን የት ደረስን? ሰኞ ከሰዓት። ያየሽበት ቀን።

አንድም ትርፍ ቀን አልነበረሽም ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ዲዛይነር መሆን አያስፈልግም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ይበቃል።

የካስቲንጉ ቀን ገና ሦስት ሳምንት የቀረው ቢሆን ኖሮ ያው ጥያቄ ሰኞ መሄዱ አይቀርም ነበር፤ ሥልጣኑ ያንቺ አይደለምና። ግን በመደበኛው መንገድ፣ ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ተጠርዞ ይሄዳል። ስልክ አትደውዪም፣ «አስቸኳይ» አትዪም። ሁሉንም ነገር አስቸኳይ የሚል ሰው የእውነት ሲቸኩል የሚሰማው አያገኝም።

ማናጀርሽ የጮኹበትንም ምክንያት ከዚሁ ቆጠራ ታገኚዋለሽ። ሰኞ ብትነግሪያቸው በእጃቸው ብዙ ነገር ነበር። ኮንሰልታንቱ ቢሮ ሰው መላክ ይችሉ ነበር። ባለ 20 ከሌላ ሳይታቸው ማስመጣት ይችሉ ነበር። ችግሩ የሌለበትን ሥራ ቀድሞ እንዲሞላ ፕሮግራሙን መገልበጥ ይችሉ ነበር፤ ደረጃውን ለምሳሌ። ሐሙስ ማታ ከነዚህ አንዱም የለም። ሚክሰሩ ተከራይቷል፣ የቀን ሠራተኛው ተነግሮታል፣ የቀረው ማራዘም ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። አለቃ የሚናደደው ችግር በመፈጠሩ ብዙም አይደለም፤ የሚመርጠው ነገር ሳይቀርለት ስለሚነገረው ነው። (መጮኻቸው ትክክል ነበር እያልኩ አይደለም። ሰው ሲጮኽበት በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ አዘግይቶ ነው የሚናገረው። እሳቸው ይህን ዓምድ ካነበቡ ይህቺን መስመር ለእሳቸው ነው የጻፍኳት።)

እሺ፣ ሥልጣኑ ያንቺ የሆነ ነገርስ? እዚያ መሞከር አለብሽ፣ ግን ገደብ አስቀምጠሽ። ቫይብሬተር እንውሰድ። ዓርብ ከሰዓት አስነሥተሽ ልትሞክሪው ስትይ እምቢ አለ። ነዳጁን እዪ፣ ዘይቱን እዪ፣ ካንዴላውን አስፈትተሽ አስጠርጊ። ግማሽ ሰዓት ስጪው። ካልተነሣ ለማናጀርሽ ንገሪ፤ ኪራይ ቤቶቹ ገና ክፍት ናቸው፣ ሌላ ለማምጣት ጊዜ አለ። ያው ቫይብሬተር ቅዳሜ፣ ሦስተኛው ኮለን ግማሽ ላይ ቢጠፋብሽስ? ግማሽ ሰዓት የለሽም። በዚያችው ደቂቃ ደውዪ። ሚክሰሩ አዲስ እንዳያቦካ አስቁሚ፣ የተጀመረውን ኮለን በፌሮ እየወጉና ፎርምወርኩን በመዶሻ ከጎን እየመቱ እንዲጨርሱት አድርጊ። ኮለን መሐል ላይ ቆሞ የቆየ ኮንክሪት ላይ ሌላ ቢፈስበት እንደ አንድ አይያያዝም። ብልሽቱ ያው ብልሽት ነው፤ የመሞከሪያ ጊዜሽን የወሰነው ከማይመለሰው ሥራ ያለሽ ርቀት ነው።

ከዚህ ሁሉ ውጪ የሚሆን አንድ ዓይነት ነገር ብቻ አለ። የቁፋሮው ጠርዝ ሲሰነጠቅ ካየሽ፣ እናንተ አካባቢ ጥቁር አፈር ስለሆነ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ ወይም የሶሌታው ድጋፍ ሲሰምጥ ካየሽ ማጣራትም መልእክት መጻፍም የለም። መጀመሪያ ሰው ይውጣ። ከዚያ ስልክ።

ወደ አጻጻፉ ልምጣ። ብዙ ጀማሪ የሚልከው እንዲህ ያለ ነው፦

«ኢንጂነር እንደምን ዋሉ። የኮለኑ ድሮዊንግ ላይ ችግር አለ፣ ፌሮው አይጣጣምም። ምን እናድርግ?»

እጅና እግር የለውም። ማናጀርሽ መገናኛ አካባቢ መንገድ ተዘግቶባቸው መኪና ውስጥ ሆነው ይህን ሲያነቡ ምን ያውቃሉ? የትኛው ኮለን? የትኛው ፎቅ? አይጣጣምም ሲባል አጠረ ነው፣ ተጣመመ ነው፣ ከስታርተሩ ጋር አልገጠመም ነው? ሥራ ቆሟል ወይስ ሊቆም ነው? ለማወቅ መደወል አለባቸው። ኮዬ ደግሞ ኔትወርኩን ታውቂዋለሽ። ሁለቴ ተቆርጦ፣ ሦስተኛው ላይ አንቺ ሶሌታ ላይ ሆነሽ ሳትሰሚ ቀርተሽ፣ ከሰዓቱ አለቀ። ከሁሉም በላይ «ምን እናድርግ?» የሚለው ጥያቄ ሥራውን በሙሉ ለእሳቸው ያስረክባል። እሳቸው ያንቺን ያህል ድሮዊንጉን አላዩትም።

እኔ ብሆን ሰኞ 9 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ይህን እልክ ነበር፦

«ኢንጂነር፣ ቅዳሜ የሚሞሉት የሁለተኛ ፎቅ 12 ኮለኖች ዋና ፌሮ ቆሟል። የኮለን ዲቴይሉ፣ ገጽ ኤስ-07፣ 8 ባለ 20 ይላል። የኮለን ሠንጠረዡ፣ ገጽ ኤስ-04፣ 8 ባለ 16 ይላል። የሁለቱም ቀን አንድ ነው፣ ማሻሻያ የላቸውም። ስታፋው በሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ከታች የወጡት ስታርተሮች ባለ 20 ናቸው።

የትኛው እንደሚሠራ ከዲዛይነሩ በኮንሰልታንቱ በኩል የጽሑፍ መልስ ያስፈልገናል፤ እስከ ነገ ማክሰኞ 6 ሰዓት። ካለፈ ቅዳሜ አይደርስም። ባለ 20 ከሆነ 32 ቤርጋ፣ ወደ 950 ኪሎ ያስፈልጋል፤ እስቶር ያለው 6 ቤርጋ ነው። ባለ 16 ከሆነ ያለን ይበቃል።

እስከዚያ ስታፋ ማጠፍና ፎርምወርክ ማዘጋጀት ቀጥለናል። ዋናውን ፌሮ አላስቆረጥኩም። የሁለቱን ገጾች ፎቶ አያይዣለሁ። ለኮንሰልታንቱ የሚላከውን ጥያቄ አርቅቄዋለሁ፤ ዓይተው ቢፈርሙበት ከመውጫ ሰዓት በፊት አደርሰዋለሁ።»

ርዝመቱ አያስፈራሽ። አንድ ጊዜ ተነቦ ያልቃል፣ መልሶ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እዪው፤ ምን እንደቆመና የቱን ቀን እንደሚነካ ይናገራል። እሳቸው ሌላውን ባያነቡት እንኳ ጉዳዩ ቅዳሜን እንደሚመለከት ገብቷቸዋል። የሰላምታውን ጋጋታ አሳጥሪው። ጨዋነት የጎደለው አይሆንም፤ «ኢንጂነር» ብለሽ ጀምረሽ በአንቱታ እስከጻፍሽ ድረስ ማንም አይቀየምም።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ? ከአሥር ደቂቃ ሒሳብ። የፎቁ ቁመት 3 ሜትር ነው እንበል፤ ለመደራረቢያ ድሮዊንጉ የዳያሜትሩን 50 እጥፍ ካለ ለባለ 20 አንድ ሜትር ነው። አንዱ ቁራጭ 4 ሜትር ሆነ። ፌሮ በ12 ሜትር ነው የሚመጣው፤ ከአንድ ቤርጋ 3 ቁራጭ ይወጣል። 12 ኮለን በ8 ሲባዛ 96 ቁራጭ፣ ስለዚህ 32 ቤርጋ። 384 ሜትር በ2.47 ሲባዛ ወደ 950 ኪሎ። ባለ 16 ቢሆን ቁራጩ ትንሽ ቢያጥርም ከአንድ ቤርጋ የሚወጣው ያው 3 ነው፤ የቤርጋው ቁጥር አይለወጥም፣ ክብደቱ ግን ወደ 607 ይወርዳል። ይህን ስትጽፊ ማናጀርሽ ዲዛይነሩን ሳይጠብቁ እንኳ ግዥ ክፍልን «ባለ 20 ዋጋ ጠይቁ፣ ግን አትግዙ» ማለት ይችላሉ። መልሱ ሲመጣ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። አንቺ ያላሰብሽው መፍትሔ ከእሳቸው የሚመጣው እንዲህ መነሻ ስትሰጫቸው ነው።

«እስከ ማክሰኞ 6 ሰዓት» የሚለው ላይ አትሸማቀቂ። ብዙ ሰው ለአለቃ ሰዓት መስጠት ትዕዛዝ ይመስለዋል። «ቶሎ ቢሆን ጥሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። «ቶሎ» ለአንቺ ነገ ነው፣ ለእሳቸው ደግሞ የሳምንቱ መጨረሻ። ሰዓቱን ከነምክንያቱ ስታስቀምጪው ትዕዛዝነቱ ይቀርና መረጃ ይሆናል። ሰዓቱን ያወጣሽው አንቺ አይደለሽም፤ ቅዳሜ ነው ያወጣው።

ፎቶውን በሚመለከት፣ የሠንጠረዡን አንዲት መስመር ብቻ አጉልተሽ አትላኪ። የገጹ ቁጥርና ቀን የተጻፈበት ግርጌ የሚታይበት አንድ ሙሉ ፎቶ፣ ከዚያ ቁጥሩ የሚነበብበት አንድ የቅርብ ፎቶ፤ ለሁለቱም ገጽ እንዲሁ። ድሮዊንጉን መሬት ላይ ዘርግተሽ ጥላሽ ሳያርፍበት አንሺ። ዲዛይነሩ ቢሮው ቁጭ ብሎ የራሱን ኮፒ ከዚህ ጋር ሲያስተያይ ምናልባት እሱ ጋ ያለው ገጽ ሌላ ሆኖ ያገኘዋል። ግርጌው ካልታየ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለም።

መልስ ካልመጣስ? ማናጀርሽ መልእክቱን ማየት አለማየታቸውን አንድ ሰዓት ጠብቀሽ ደውዪ። ካላነሡ አጭር ኤስኤምኤስ፦ «የኮለን ፌሮ ጥያቄ ቴሌግራም ላይ ልኬያለሁ፣ ነገ 6 ሰዓት ገደቡ ነው።» ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ ዝም ካሉ ወደሚቀጥለው ሰው ሂጂ፤ የቢሮ ኢንጂነሩ ወይም ከማናጀርሽ በላይ ያሉት። ሳትነግሪያቸው ግን አትሂጂ። «ስላላገኘሁዎት፣ ጊዜው ስለሚያልፍብን ለቢሮ ኢንጂነሩ አሳውቄያለሁ» ብለሽ እዚያው መልእክት ሥር ጻፊ። ይህን ካደረግሽ ዘለለችኝ አይሉም፤ ቢሉም ጽሑፉ አለ። የኮንሰልታንቱ ተቆጣጣሪ ሳይት ላይ ካሉም በቃል ንገሪያቸው፤ መደበኛው ጥያቄ ግን በኩባንያሽ ፊርማ ነው የሚሄደው።

በዕለታዊ ሪፖርቱም ላይ ሰኞን ሰኞ ብለሽ አስፍሪ፦ የቆመው ሥራ፣ የቆመበት ሰዓት፣ ጥያቄው የተላከለት። ዲዛይነሩ ዘግይቶ ካስቲንጉ ቢተላለፍ ኩባንያሽ የጊዜ ማራዘሚያ የሚጠይቀው በዚህ ማስረጃ ነው። ሐሙስ የተጻፈ ከሆነ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው መዘግየት የእናንተ ሆኖ ይቆጠራል።

መልሱ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ በስልክ ነው የሚመጣው። «20 አድርጉት ብለዋል» ይሉሻል። በደስታ ወደ ፌራዮው አትሩጪ። «በስልክ እንደነገሩኝ የሁለተኛ ፎቅ 12 ኮለኖች 8 ባለ 20 ይሠራሉ፤ የጽሑፉን መልስ እየጠበቅሁ ነው» ብለሽ መልሰሽ ጻፊላቸው። ግዥው በዚህ ሊጀመር ይችላል፣ ውሳኔው የማናጀርሽ ነው። መቁረጡ ግን ተቆጣጣሪው ሳይት መዝገቡ ላይ እስኪፈርሙ ይቆይ። የተገዛ ብረት ለሌላ ፎቅ ይሆናል፣ የተቆረጠ ግን አይመለስም።

ከዚያ የተሳሳተውን ገጽ ከሁሉም ቦታ ሰብስቢ። ቢሮ ያለውን ብቻ ሳይሆን ፎርማኑ ኪስ ውስጥ ያጠፈውንም፣ ፌራዮው መቁረጫው ጋ በላስቲክ ጠቅልሎ የሰቀለውንም። መስመር አስምሪበት፣ ቀኑንና የመልሱን ቁጥር ጻፊበት። ሠንጠረዡ የሦስተኛና የአራተኛ ፎቅንም የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ እዚያም መኖሩን አሁኑኑ እዪና በዚያው ደብዳቤ አብረሽ ጠይቂ።